ሲወጡ ካርድ ማስነካት ቢረሳ ምን ይሆናል? (የእህቴ ጉዳይ፣ ከሆላንድ)

ቀሃ_ሰፈር (ሐሙስ፣ ማታ 2:40)

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ መድረክ ላይ ውጭ ተምረው የተመለሱ፣ አሁንም ውጭ ያሉ ልጆች እንዳሉ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

ታናሽ እህቴ ለትምህርት ሆላንድ ከሄደች ሦስት ወር ሆናት። እዚያ ባቡር ላይ ትኬት የሚቆርጥ የለም፤ ሲገቡ ካርድ ያስነካሉ፣ ሲወርዱ ደግሞ ያስነካሉ፣ ማሽኑ ርቀቱን አስልቶ ይቆርጣል። ባለፈው እሑድ ኡትሬክት ያለች ጓደኛዋን ጠይቃ ወደምትኖርበት ትንሽ ከተማ ስትመለስ ሁሌ የምትከፍለው ሰባት ዩሮ ገደማ ነው። ማክሰኞ አካውንቷን ስታይ ግን ሃያ ዩሮ ተቆርጧል፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሃያ ዩሮ። አርባ ዩሮ ለአንድ ጉዞ!

ትናንት ማታ ደውላልኝ ድምጿ ልክ አልነበረም። አርባ ዩሮ የሳምንት አስቤዛዋ ነው። ከገንዘቡ በላይ ያስጨነቃት ግን «ሳልከፍል እንደሄድኩ ተመዝግቦብኝ ይሆን? ቪዛዬ ላይ ችግር ይፈጥር ይሆን?» የሚለው ነው። ሲገባም ሲወጣም እንዳስነካች በእናታችን ትምላለች። «ማሽኑ ጢጥ ብሏል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ነው የምትለኝ።

ቅጣት ነው? ስህተት ነው? ይመለሳል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ነገ ጠዋት ልደውልላት ነው።

---

ባንክ_ቤት (ሐሙስ፣ ማታ 3:05)

ወንድሜ አትጨነቅ፣ እኔ ባንክ ነው የምሠራው። ከደንበኛው ፈቃድ ውጭ የወጣ ገንዘብ ባንኩ ላይ አቤቱታ ቀርቦበት ይመለሳል። እህትህ ባንኳ ሄዳ «ይህን ክፍያ አልፈቀድኩም» ብላ ትከራከር፤ በካርድ ክፍያ ይህ መብት በብዙ አገር አለ። ሁለት ጊዜ የተቆረጠ መሆኑ ራሱ ማስረጃ ነው።

---

ወ/ሮ_አራዳ (ሐሙስ፣ ማታ 3:20)

እኔም ላይ ደርሷል ልጄ። ባለፈው ዓመት ፒያሳ አንድ ሱቅ ዕቃ ገዝቼ በማሽን ስከፍል «አልሄደም» ብለው ሁለተኛ አስነኩኝ። ማታ ሳይ ሁለቱም ተቆርጧል። አሥራ አንድ ቀን ተመላለስኩ፣ በመጨረሻ ተመለሰልኝ። ደረሰኙን ትያዝ። ደረሰኝ ከሌላት ግን ትቸገራለች።

---

ቀሃ_ሰፈር (ሐሙስ፣ ማታ 3:31)

እናመሰግናለን እትዬ። ግን ይሄ የሱቅ ማሽን አይደለም፣ ደረሰኝም አይሰጥም። ብረት ምሰሶ ላይ ካርዱን አስጠግቶ ማለፍ ብቻ ነው። ችግሩም እሱ ነው፣ በእጇ ምንም ወረቀት የላትም።

---

ከለንደን_በፍቅር (ሐሙስ፣ ማታ 3:58)

የቀሃ ልጅ፣ ሰላም ነው? እዚህም ያው ነው። ለንደን በምድር ውስጥ ባቡር ሲገቡም ሲወጡም ያስነካሉ። ሲወጡ ካልነካ ሲስተሙ የት እንደወረድክ ስለማያውቅ ከፍተኛውን ዋጋ ያስከፍልሃል። አውቶቡስ ላይ ግን ሲገባ ብቻ ነው፤ የትም ብትወርድ ዋጋው አንድ ስለሆነ መውጫው ላይ ማስነኪያም የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ በማግስቱ እዚያው ጣቢያ ሄዳ ካርዱን ብታስነካው የተከፈተው ጉዞ ይዘጋል። የሚረሱ ሰዎች ሲመለሱ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

---

ደጎማ_01 (ሐሙስ፣ ማታ 4:26)

ቀሃ፣ ለእህትህ ነገ ጠዋት ምንም ነገር እንዳታደርግ ንገራት። ባንክም እንዳትሄድ፣ ጣቢያም ሄዳ እንዳታስነካ። መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠይቅልኝ።

አንደኛ፣ ሲገባ ያስነካችው በምንድን ነው? በባቡሩ ካርድ፣ በባንክ ካርድ ወይስ በስልክ? ሁለተኛ፣ ሲወጣስ በዚያው ነው ወይስ በሌላ? ሦስተኛ፣ ስትወርድ ማሽኑ ስንት ጊዜ ጢጥ አለ? አንዴ ነው ሁለቴ?

ሦስተኛው ተራ ጥያቄ እንዳይመስልህ። እኔ እዚያ ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ፤ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌንም የሠራሁት በእነዚህ የማስነኪያ መዝገቦች ላይ ነው። ሆላንድ ውስጥ ሲገባ አንድ ጢጥ፣ ሲወጣ ሁለት ጢጥ ነው። መንገደኛው ማያ ገጹን ባያነብ እንኳ በጆሮው ይለያል። ብዙ ሰው ግን «ጮኸ» ይልና ይሄዳል፤ ስንቴ እንደጮኸ አይቆጥርም።

---

ቀሃ_ሰፈር (ዓርብ፣ ጠዋት 1:50)

አሁን ደወልኩላት። ሲገባ ኡትሬክት በስልኳ ነው ያስነካችው፤ የባንክ ካርዷ ስልኩ ውስጥ አለ። መንገድ ላይ ባትሪው አልቆ ስልኩ ጠፋ። ስትወርድ በር የሌለው ትንሽ ጣቢያ ነው፣ ምሰሶ ብቻ ነው ያለው። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ዋናውን የባንክ ካርድ አውጥታ አስነካች። «የአንድ አካውንት ካርድ አይደል? ያው ነው» ብዬ ነው ትላለች።

ስንት ጊዜ ጮኸ ስላት ዝም አለች። ከዚያ «አንዴ ይመስለኛል» አለችኝ።

---

ደጎማ_01 (ዓርብ፣ ጠዋት 2:35)

እንደጠረጠርኩት ነው። እህትህ አልሰረቀችም፣ አልተቀጣችምም። ሲስተሙ ያየው ግን አንድ እህትህን ሳይሆን ሁለት ሰው ነው። በዝርዝር ላስረዳህ፣ ምክንያቱም ይህን ሳትረዳ አቤቱታውን ብትጽፍ ግማሹን ብቻ ነው የምታስመልሰው።

ስልክ ውስጥ ካርድ ስታስገባ ስልኩ ፕላስቲኩ ላይ የታተመውን ቁጥር አይጠቀምም። ለዚያ ስልክ ብቻ የተሰጠ ሌላ ቁጥር ነው ለማሽኑ የሚያሳየው። ይህ ለደኅንነት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ስልኩ ቢሰረቅ የዋናው ካርድ ቁጥር እንዳይወጣ። ገንዘቡ ከአንድ አካውንት ይወጣል፤ ምሰሶው ግን አካውንት አያይም፣ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። ለእሱ ስልኩና ፕላስቲኩ ሁለት የማይተዋወቁ መንገደኞች ናቸው።

አሁን እሑድን እንደ ማሽኑ ሆነህ አንብበው። የስልኩ ቁጥር ኡትሬክት ገባ፣ ከዚያ በኋላ የትም አልታየም። ይህ አንድ ያልተዘጋ ጉዞ ነው። ማታ ትንሿ ጣቢያ ላይ ደግሞ የፕላስቲኩ ቁጥር ታየ። ይህ ቁጥር ቀደም ብሎ የትም ስላልገባ ምሰሶው «አዲስ ሰው ጉዞ ሊጀምር ነው» ብሎ መዘገበውና አንድ ጢጥ አለ። እህትህ እየወጣች ነው፣ መዝገቡ ግን እየገባች ነው ይላል። ፕላስቲኩም በኋላ የትም ስላልታየ ሁለተኛው ያልተዘጋ ጉዞ ሆነ። ሆላንድ ውስጥ በባቡር ላልተዘጋ ጉዞ የሚቆረጠው 20 ዩሮ ነው፣ በአውቶቡስ፣ በትራምና በሜትሮ ደግሞ 4 ዩሮ። ሁለት ሃያ፣ አርባ። ሒሳቡ ያለ ትርፍ ያለ ጉድለት ልክ ገጠመ፤ ለዚህ ነው እርግጠኛ የሆንኩት።

የሚያሳዝነው ነገር፣ ስትወርድ ጨርሶ ባታስነካ ኖሮ የሚቆረጥባት ሃያ ብቻ ነበር። ለመክፈል ብላ ያደረገችው ጥንቃቄ ነው ሁለተኛውን ሃያ ያመጣባት።

---

ባንክ_ቤት (ዓርብ፣ ጠዋት 3:10)

ቁጥሩ የተለያየ መሆኑ ትክክል ነው፣ እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ግን እኮ ያልተጠቀመችበትን ሃያ ዩሮ ባንኩ ለምን አይመልስላትም? ሁለተኛው ጉዞ አልተካሄደም፣ ይህማ ግልጽ ነው።

---

ደጎማ_01 (ዓርብ፣ ጠዋት 3:42)

ሕጉ ላይ ልክ ልትሆን ትችላለህ ወንድሜ፣ ውጤቱ ግን ይጎዳታል። ምክንያቱን ልንገርህ።

ምሰሶው ካርዱን ሲያነብ በዚያች ቅጽበት ለባንኩ «ገንዘብ አለ ወይ» ብሎ መልስ አይጠብቅም። ሰው በግማሽ ሰከንድ ማለፍ አለበት፤ ያለዚያ በሥራ መግቢያ ሰዓት በሩ ላይ ሕዝብ ይቆለላል። ስለዚህ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ቁጥሩን መዝግቦ ያሳልፈዋል። መግቢያና መውጫውን የሚያጣምረው፣ ዋጋውን የሚያሰላው፣ ሒሳቡን ለባንኩ የሚልከው ከኋላ ያለው ዋናው ሲስተም ነው፤ የሚልከውም ቀኑ ካለቀ በኋላ ነው። እህትህ የእሑዱን ማክሰኞ ያየችው ለዚህ ነው።

እንዲህ በእምነት የሚሠራ ነገር ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ አለው፤ ያልተከፈለበት ካርድ ቁጥር ወደ ክልከላ መዝገብ ይገባል። ያ መዝገብ በየማሽኑ ይሰራጫል፤ ካርዱ ሲቀርብ ቀይ ይበራል። ባንኩ ገንዘቡን ጎትቶ ከመለሰላት ለትራንስፖርቱ የሚታየው «ዕዳ አለባት» ተብሎ ነው። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል ካርዷ አይሠራም፤ ዕዳው እስኪከፈልም አይከፈትም። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳቸው ጋ ትጠይቅ። እምቢ ካሉ ያን ጊዜ ባንኩ አለ።

---

ከለንደን_በፍቅር (ዓርብ፣ ጠዋት 4:15)

ደጎማ፣ እኔ ያልኩትስ? በማግስቱ ማስነካት አይዘጋውም ነው የምትለው? እኔ ዓይኔ ያየውን ነው የጻፍኩት።

---

ደጎማ_01 (ዓርብ፣ ጠዋት 4:40)

ያየኸው እውነት ነው፣ ጊዜው ላይ ነው ልዩነቱ። አንድ ሰው ጣቢያ ወጥቶ ሃምሳ እርምጃ ከሄደ በኋላ ትዝ ብሎት ቢመለስና ቢያስነካ ይዘጋለታል። የተከፈተ ጉዞ ግን ለዘላለም ተከፍቶ አይጠብቅም። የሆላንዱን የባቡር ካርድ ብንወስድ የገባህበት ለ6 ሰዓት ነው የሚቆየው። ከዚያ በኋላ ስታስነካው ማሽኑ የትናንቱን አይዘጋም፣ አዲስ ጉዞ ይከፍታል። እህቱ ዛሬ ጣቢያ ሄዳ ፕላስቲኩን ብታስነካው ሦስተኛ ሃያ ዩሮ ነበር የሚጨመርባት። ለዚህ ነው ትናንት ማታ «ምንም እንዳታደርግ» ያልኩት።

---

የአዘዞ_መስመር (ዓርብ፣ ቀን 6:20)

ስታወሩ ከሥር እየተከታተልኩ ነበር። እኔ ከፒያሳ አዘዞ ታክሲ ላይ ስድስት ዓመት ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፣ አሁን እነዳለሁ። የገረመኝ አንድ ነገር አለ። እኛ ጋ ሰው ሲገባ «የት ነህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ ማራኪ የሚወርድ የማራኪን ይሰጠኛል፣ አዘዞ የሚሄድ የአዘዞን። ማራኪ ከፍሎ «ወራጅ አለ» ሳይል ዝም ካለኝ ዞር ብዬ አየዋለሁ። ፊቱን አውቃለሁ፣ የት እንደገባ አውቃለሁ። ታዲያ ያን ሁሉ ቴክኖሎጂ ዘርግተው ሰውየው የት እንደወረደ እንዴት አያውቁም? ካሜራ የላቸውም?

ሁለተኛ ጥያቄ። ሰባት ዩሮ የሚያስከፍል መንገድ ላይ ሃያ መቁረጥ ምን ማለት ነው? ለምን የሰባቱን አይቆርጡም? እኔ ተሳፋሪዬ ሒሳብ ሳይሰጠኝ ቢረሳ የመንገዱን ሦስት እጥፍ አልጠይቀውም።

---

ደጎማ_01 (ዓርብ፣ ቀን 7:45)

ጥያቄህ ከሁሉ በላይ የነገሩን ሥር ነው የነካው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አንተ ጋ ማስታወሻው አንተው ነህ። ጭንቅላትህ ውስጥ «ያ ባለ ነጠላው ሰውዬ ማራኪ ወራጅ ነው፣ ከፍሏል» የሚል መዝገብ አለ። ያ ምሰሶ ግን ያወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «ይህ ቁጥር እዚህ ነበረ»። በመካከል የሆነውን ማንም አላየም። ባቡሩ አሥር ጣቢያ ቆሟል፤ በአንዱ ወርዳ ሊሆን ይችላል፣ እስከ መጨረሻው ሄዳም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛዋ ጢጥ ናት ለዚያ ምሰሶ «ወራጅ አለ» ማለት። እሷ ከሌለች ጉዞው አላለቀም።

ሃያው ለምን? እስቲ አንተ ራስህ ሕጉን አውጣ። «ሲወርድ ያላስነካ ትንሹን ዋጋ ይከፍላል» ብትል አዘዞ ድረስ የሚሄድ ሁሉ ፒያሳ አስነክቶ አዘዞ ላይ ሳያስነካ ይወርዳል፤ የቅርቡን ከፍሎ የሩቁን ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ መርሳት ከማስነካት እንዳይረክስ መጠኑ ከፍ ማለት አለበት። አገሮች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሲንጋፖር አውቶቡስ ላይም ሲወርዱ ይነካል፤ ካልነካህ መስመሩ እስከሚያልቅበት የመጨረሻ ፌርማታ ድረስ እንደሄድክ ይቆጠራል። ለአንተ ብንተረጉመው ማራኪ የወረደው ሳያስነካ ቢቀር የአዘዞን ይከፍላል፣ ከዚያ አይበልጥም። ሆላንድ ግን መስመር ሳይለዩ አንድ የተቆረጠ መጠን አስቀምጠዋል፤ ለአጭር ተጓዥ ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው።

ይህ ልማድ ከድሮው ካርድ የመጣም ነው። በባንክ ካርድ መሳፈር በመላው ሆላንድ የተዳረሰው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ከዚያ በፊት አብዛኛው ሰው በራሱ በትራንስፖርቱ ካርድ ነበር የሚጠቀመው። በዚያ ካርድ ገንዘቡ ቺፑ ላይ ነው የተጻፈው። ስትገባ ምሰሶው ሃያውን ከቺፑ ላይ ቀንሶ መያዣ ያደርገዋል፤ ስትወጣ ያለው ምሰሶ ሰባቱን ያስቀርና አሥራ ሦስቱን መልሶ ይጽፍልሃል። ካልነካህ የሚመልስልህ የለም። ማንም «ይቀጣ» ብሎ አልፈረደም፣ መያዣው ሳይመለስ ቀረ ማለት ነው። የባንክ ካርድ ላይ ግን ምሰሶው ምንም መጻፍ አይችልም፤ መጠኑ ያው ቀርቶ ሥራው ወደ ዋናው ሲስተም ተዛወረ።

---

የአዘዞ_መስመር (ዓርብ፣ ቀን 8:10)

አሁን ገባኝ። ግን አንድ ልጨምር። መያዣ ካሉ፣ ሲገባ ካርዱ ላይ ሃያ የሌለው ሰውስ? ሰባት ብቻ ቢኖረው፣ መንገዱም ሰባት ቢሆን?

---

ደጎማ_01 (ዓርብ፣ ቀን 8:22)

በራሳቸው ካርድ ከሆነ አይገባም። ማሽኑ ይመልሰዋል።

---

የአዘዞ_መስመር (ዓርብ፣ ቀን 8:40)

ይሄ እኛ ጋ አይሠራም። ጠዋት 12 ሰዓት የሚሳፈሩኝ የቀን ሠራተኞች የዕለቱን የታክሲ ብቻ ነው ኪሳቸው ውስጥ የሚይዙት፣ ያውም ተቆጥሮ። አንዱን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ ሳንቲሙን በመሀረብ ጥግ ቋጥሮ ነው የሚመጣው፤ ይፈታል፣ ይቆጥራል፣ መልሶ ይቋጥራል። «የአዘዞን ሙሉ ካላስያዝክ የማራኪን መሄድ አትችልም» ብለው በእግሩ ነው የሚሄደው። መያዣው ሲወርድ ይመለሳል ማለት ለእሱ ምንም አይደለም፣ ሲገባ የለውማ።

---

ወ/ሮ_አራዳ (ዓርብ፣ ቀን 9:15)

ልጄ እውነት ተናገርክ። ሽማግሌዎችስ? እኔ ዘንቢል ይዤ፣ የልጅ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ስወርድ ካርድ ፈልጌ ላስነካ? ሰው ከኋላዬ ይገፋል፣ ረዳቱ «ቶሎ ቶሎ» ይላል። እኔስ በየቀኑ ነበር የምረሳው።

---

ደጎማ_01 (ዓርብ፣ ቀን 9:50)

እትዬ፣ ያሉት በጣም ትክክል ነው፤ ከለንደን የጻፈው ወንድማችን ያነሳው የአውቶቡስ ነገርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ትልቅ የባቡር ጣቢያ በር አለው፣ በሩ ራሱ ያስታውስዎታል፤ ካላስነኩ አይከፈትም። አውቶቡስና ታክሲ ላይ ግን የሚያስቆምዎ ነገር የለም፣ ወርደው ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ብዙ ከተማ አውቶቡስ ላይ መውጫውን ትቶ በአንድ ዋጋ የሚሠራው። የእህቱም ነገር ያጋጠመው በር የሌለበት ጣቢያ ላይ መሆኑን ልብ ይሉልኛል። በር ያለበት ቢሆን ኖሮ ባትሪው ሲያልቅባት የጥሪ ቁልፉን ተጭና ሠራተኛ ታናግር ነበር።

---

ባንክ_ቤት (ዓርብ፣ ቀን 10:05)

አንድ ያልገባኝ ነገር ቀረ። ያልተዘጋ ጉዞ ሃያ ከሆነ፣ ከአገሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከሃያ በላይ የሚከፍል ከሆነ፣ እሱ አውቆ ባያስነካ አይተርፍም እንዴ? ቅድም ለአዘዞው ወንድማችን «መርሳት ከማስነካት እንዳይረክስ» ብለሃል። እዚህ ላይ እኮ ረከሰ።

---

ደጎማ_01 (ዓርብ፣ ቀን 10:30)

በትክክል አገኘኸው፣ ቀዳዳው አለ። ከሃያ ዩሮ የሚያልፉ ረጅም መስመሮች አሉ፤ በዚያ ላይ መርሳት ይረክሳል። ትልልቆቹ ጣቢያዎች በር ያላቸው ስለሆኑ በአብዛኛው አያስወጣም፣ የሚደጋገምም መዝገብ ላይ ጎልቶ ይታያል። ቢሆንም ስሌቱ በራሱ አይዘጋውም። መያዣውን አርባ ቢያደርጉት የአጭር ተጓዡ ሸክም ይብሳል፣ ቢቀንሱት ቀዳዳው ይሰፋል። የሲንጋፖሩ አውቶቡስ ይህ ችግር የለበትም፣ ምክንያቱም ማስነኪያው የተሠራው መኪናው ውስጥ ነው፤ መስመሩ የት እንደሚያልቅ ያውቃል። የባቡር ጣቢያ ምሰሶ ግን የትኛው ባቡር ላይ እንደወጣህ አያውቅም።

---

ከለንደን_በፍቅር (ዓርብ፣ ማታ 1:30)

እኔ በዚህ አልስማማም። ለረሳ ሰው ይህን ያህል መቁረጥ አግባብ አይደለም። በየቀኑ በዚያው ሰዓት በዚያው መስመር የሚመላለስ ሰው አንድ ቀን ቢረሳ የት እንደወረደ ማወቅ ቀላል ነው። እዚህ አንዳንዴ ሲስተሙ ራሱ ገምቶ ያስተካክላል፣ ሳትጠይቅ ይመልሳል። የሚችሉ ከሆነ ለሁሉም ያድርጉ።

---

ደጎማ_01 (ዓርብ፣ ማታ 2:05)

የሥራ መንገድ ላይ ትገምታለህ፣ እስማማለሁ። የቀሃ እህት ግን እሑድ ጓደኛ ልትጠይቅ የሄደችበት ነው፣ ያን ሲስተሙ ከምን ተነስቶ ይገምት? ደግሞም የእሷ ነገር መርሳት አይደለም። ስልኩና ፕላስቲኩ የአንድ ሰው መሆናቸውን ካላወቀ ሁለቱን ግማሽ ጉዞ ሊያጣምር አይችልም። ይህን ልንከራከርበት እንችላለን፤ አሁን ግን ልጅቷ አርባ ዩሮዋን ታግኝ።

ቀሃ፣ እንዲህ በላት። የባንክ ስቴትመንቷ ላይ ሁለቱም ክፍያዎች ጎን `NLOV` ብሎ የሚጀምር ኮድ አለ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ ሁለቱንም ትገልብጥ። በባንክ ካርድ የሚደረገው ጉዞ `OVpay` በሚለው አፕ ወይም `ovpay.nl` ላይ ነው የሚታየው፤ ኮዱን ስታስገባ የገባችበትን ጣቢያና ሰዓት ያሳያታል። ሌላ ድረ ገጽ አለ፣ `uitcheckgemist.nl`፤ እሱን ጓደኞቿ ይነግሯት ይሆናል፣ ግን በመጀመሪያ የተሠራው ለድሮው ካርድ ስለሆነ ከአፑ ትጀምር።

የመጀመሪያው የስልኩ ነው። ኡትሬክት ገብታለች፣ መውጫ የለም። እዚያ ላይ የወረደችበትን ጣቢያ ትሙላ፤ የሚገባውን ሰባት ገደማ አስቀርተው ቀሪውን ይመልሱላታል። ሁለተኛው ነው ከባዱ፣ የፕላስቲኩ። እዚያ ላይ መውጫ ጣቢያ ብላ ሌላ ስም ፈጥራ እንዳትሞላ፤ ያልሄደችውን ጉዞ እንደሄደች መጻፍ ይሆናል። «ይህ መግቢያ ሳይሆን የመጀመሪያው ጉዞ መውጫ ነበር፣ ስልኬ ስለጠፋ በሌላ ካርድ አስነካሁ» ብላ ለደንበኛ አገልግሎት በጽሑፍ ታስረዳ፣ የሁለቱንም ኮድ ጎን ለጎን ታስቀምጥ። የሁለተኛው ሰዓት ከመጀመሪያው ጉዞ መድረሻ ሰዓት ጋር ስለሚገጥም ማስረጃዋ ያ ነው። ደረሰኝ የላትም ብለህ ነበር፣ ደረሰኟ ራሷ የፈጠረችው ስህተት ውስጥ አለ።

---

ቀሃ_ሰፈር (ዓርብ፣ ማታ 2:20)

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። አሁኑኑ እልክላታለሁ።

---

ወ/ሮ_አራዳ (ዓርብ፣ ማታ 2:41)

ስለ ቪዛው ያለችውስ? እሱን ሳትመልሱላት። ልጅቷ የተጨነቀችው በእሱ ነው።

---

ደጎማ_01 (ዓርብ፣ ማታ 2:55)

ልክ ነዎት እትዬ፣ ዘለልኩት። ይህ የክፍያ ልዩነት ነው፣ ወንጀል አይደለም። ሃያ ዩሮው ተከፍሏል፣ ዕዳም የለባትም፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ነው የከፈለችው። አደጋ የነበረው ባቡሩ ውስጥ ሳለች ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ ካርድ ቢጠይቃት ስልኩ ጠፍቷል፤ ፕላስቲኩን ብትሰጠው ደግሞ «አልገባችም» ነው የሚለው። ያኔ ልታስረዳው ትቸገር ነበር። ያ አለፈ፣ ትተኛ።

---

ቀሃ_ሰፈር (ሐሙስ፣ ማታ 3:15)

ሳምንት ሆነኝ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የስልኩ ጉዞ ወዲያው ነው የተስተካከለላት። ጣቢያውን ሞላች፣ በሦስተኛው ቀን ቀሪው አካውንቷ ላይ ገባ። ሁለተኛውን ደጎማ እንዳለው ጽፋ ላከች። «ደርሶናል፣ እያየነው ነው» ከሚል መልስ በቀር እስካሁን ምንም አልመጣም። ቢቆርጡባትም የባሰው ጭንቀቷ አልፏል፣ ድምጿ ተመልሷል።

አሁን ስልኩን ለመንገድ አትጠቀምበትም። ፕላስቲኩን ብቻ ነው የምታስነካው፣ ለብቻው የግራ ኪሷ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ትናንት ስትደውልልኝ ከባቡር ወርዳ ምሰሶው ጋ ቆማ ነበር። «ስማው» ብላ ስልኩን አስጠጋችልኝ። ሁለት ጢጥ ሰማሁ።

---

የአዘዞ_መስመር (ሐሙስ፣ ማታ 3:32)

እሰይ። ሁለተኛው ሃያ ሲመለስላት እዚህ ጻፍልን፣ እየጠበቅሁ ነው።